ቡና እንኳ ቁርስ አለው

«ጋሼ፣ 16 ዓመቴ ነው፣ 10ኛ ክፍል ነኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ትምህርት ቤቴ ሩቅ ስለሆነ 12 ሰዓት ላይ ካልወጣሁ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ እቀራለሁ። በዚያ ሰዓት ደግሞ ምግብ አያሰኘኝም። እናቴ ለዳቦና ለሻይ ብላ በምትሰጠኝ ብር ላይ ከኪሴ እየጨመርኩ ጠዋት ጠዋት አንድ ኢነርጂ እጠጣለሁ፣ ፈተና ሲደርስ ማታም አንድ እደግማለሁ። መጀመሪያ አሪፍ ነበር። አሁን ግን አራተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤም ድው ድው ይላል። ጓደኞቼም ይጠጣሉ፣ ምንም አይሆኑም። እውነቱን ለመናገር መተው አልፈልግም፣ ቁርስን የሚተካ ይመስለኛል። እናቴ ግን ዳቦ የምበላ ነው የሚመስላት። ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?»

ከቱሉ ዲምቱ

የኔ ወንድም፣ «መተው አልፈልግም» ብለህ በግልጽ መጻፍህን ወድጄልሃለሁ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲልክልኝ መልሱን ራሱ ጽፎ፣ እኔ ማህተም እንዳደርግለት ብቻ ነው የሚፈልገው። አንተ ግን ጥያቄህን ይዘህ መጥተሃል።

አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ወደዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት ከከተማው ዳር፣ ከአቃቂ ወዲያ ያለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በ2012 ዓ.ም. የተማሪዎች ምገባ ሲጀመር፣ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉት ልጆች ጠዋት ቁርስ፣ ቀን ምሳ መቅረብ ጀመረ። ትንንሾቹ በደስታ ይሰለፉ ነበር። የ8ኛ ክፍሎቹ ጎረምሶች ግን ሳህን ይዞ መሰለፍ ያሳፍራቸው ነበር፣ «ለችግረኛ ነው» ይላሉ። ይሄ ልጅ የእነሱ አለቃ ነው ማለት ይቻላል። 14 ዓመቱ፣ ቀጭን፣ ኳስ ላይ ፈጣን። አባቱ ሲኖ ነጂ ነው፣ ሲመጣ ብር ይሰጠዋል። እሱም ጠዋት አንድ ጣሳ ኢነርጂ ይዞ በሩ ጋ ቆሞ ይጠጣል፣ ሌሎቹ ቅንጬ ሲሰለፉ እያየ። እውነት ለመናገር ቄንጡም ነበር።

እኔ ስንት ጊዜ ነገርኩት። ክፍል ውስጥ ካፌይን ምን እንደሆነ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳሁ። ልጁ ደብተሩ ላይ ገልብጦ፣ በማግስቱ ጣሳውን ይዞ መጣ።

አንድ ማክሰኞ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ሩጫ አቋርጦ ሄደና ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ነጥቷል፣ ግንባሩ ላይ ቀዝቃዛ ላብ፣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። እኔ ስደርስ ምግብ አብሳይዋ ቀድመውኝ ነበር። ተማሪው ሁሉ «ማዘር» ነው የሚላቸው። ቅንጬውን ጨርሰው የምሳውን ምስር እየለቀሙ ነበር።

«ምን በላህ?» አሉት።

«ጠጥቻለሁ።»

«ምን እንደጠጣህ አልጠየቅኩህም።»

ልጁ ዝም አለ። ማዘር አልተቆጡም። አንድ ሳህን ቅንጬ በትንሽ ዘይት ለወስ አድርገው አቀረቡለትና ቀስ ብለህ ብላ አሉት። ግማሹን ከበላ በኋላ ነው ነገር የጀመሩት። ይሄን ልብ በል፤ የራበው ሰው ጆሮ የለውም፣ እኔ ለካ ለወራት ያስተማርኩት ባዶ ሆድ ነበር።

ባዶውን ጣሳ ከቦርሳው ኪስ አወጡና «ዓይኔ ደቃቁን ጽሑፍ አያይም፣ አንብብልኝ» አሉት። አነበበ። በ100 ሚሊ ሊትር 11 ግራም ስኳር ይላል። ጣሳው 250 ሚሊ ሊትር ነው። «አስላው» አሉት። ሃያ ሰባት ግራም ተኩል ሆነ። ከዚያ የሻይ ማንኪያና የስኳር ዕቃ አቀበሉት። አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ አራት ግራም ገደማ ስለሚይዝ፣ ብርጭቆ ውስጥ ሰባት ማንኪያ ደርድሮ ጨመረ። ስኳሩ የብርጭቆውን ታች ሞልቶ ሲቆም ልጁ ራሱ ገረመው። ጣሳው ውስጥ ሲጠጣው ያን ያህል አይጣፍጥማ፤ ቅዝቃዜውና ኮምጣጣነቱ ይደብቀዋል።

«በዚህ ሻይ ባፈላልህ ትጠጣለህ?»

«ኧረ ማዘር፣ ስኳር በሽታ ልትሰጪኝ ነው እንዴ?» አለና ሳቀ። አንቺ ነው የሚሏቸው፣ እንደ እናት።

ከዚያ ወደ ምድጃው ወሰዱት። ምድጃው ላይ የምሳው ትልቁ ድስት በውሃ ተጥዷል፣ እሳቱ ገና አልተያያዘም። የዘይት ካርቶን ቀደው ከስሩ ከተቱና ለኮሱት። ቦግ አለ፣ ነበልባሉ የድስቱን ጎን ላሰ፣ ልጁ ወደ ኋላ ሸሸ። ጥቂት ቆይቶ ጥቁር አመድ ሆነ። «ውሃውን ንካው» አሉት። ጣቱን ነከረ። ቀዝቃዛ ነው። ቀጥለው የባህር ዛፍ ፍልጥ አስገቡ። እሱ ቶሎ አይያያዝም፣ ያጨሳል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ግን ምስሩን እስከ 6 ሰዓት ያበሰለው እሱ ነው።

ስኳሩ ካርቶኑ ነው፣ ቅንጬው ፍልጡ። ይሄንን ማዘር አላብራሩም፣ እኔ ነኝ አሁን ላንተ የማብራራው፣ አስተማሪነት አይለቅም መቼስ። ሌሊቱን ሙሉ ስላልበላህ ጉበትህ ያስቀመጠው ስኳር ጠዋት ላይ ተመናምኗል። ባዶ ሆድ ላይ ሰባት ማንኪያ ስኳር በፈሳሽ ሲገባ የሚያዘገየው ነገር የለም፤ ፕሮቲን የለው፣ ቃጫ የለው፣ በደቂቃዎች ደም ውስጥ ይገባል። ሰውነት ኢንሱሊን ለቆ ያወርደዋል። አንዳንድ ሰው ላይ ከመጀመሪያው ልክ በታች ዝቅ ይላል፣ ያኔ ላብና መንቀጥቀጥ ይመጣል። በዚያ ላይ የጣሳው ስኳር ሲሰላ 110 ካሎሪ ገደማ ነው። እየረዘመ ላለ፣ በእግሩ ለሚሄድ፣ ኳስ ለሚጫወት ወጣት ይሄ እስከ ምሳ የሚያደርስ ማገዶ አይደለም።

ልጁ ግን ብልጥ ነበር፣ እንዳንተ። «እሺ፣ ታዲያ ለምንድነው ስጠጣው የምነቃው? እንቅልፌ የሚጠፋው በስኳሩ አይደለም» አለ። እውነቱን ነው። እኔ አፌን ልከፍት ስል ማዘር ቀደሙኝ።

«ቡና ትጠጣለህ?»

«እናቴ አቦሉን አትሰጠኝም፣ በረካውን አንዳንዴ።»

«ቡና ሲፈላ ከጎኑ ምን ይቀርባል?»

«ቆሎ። ዳቦ። ፈንዲሻ።»

«ምን ይባላል እሱ?»

«ቡና ቁርስ።»

«አየህ፣ ቡና እንኳ ራሱ ቁርስ ይቀርብለታል። ቡና ቁርስ ቢሆን ኖሮ ቁርስ ምን ያደርግለታል? እኔ በጾም ምንም ሳልቀምስ ሁለተኛውን ስኒ ከደገምኩ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ምስር መልቀም ያቅተኛል። ርሀቤ ደግሞ የትም አልሄደም፣ ድምፁን ነው ያጠፋው።»

እኔ በሰሌዳ ላይ ሥዬ ያልገባውን በዚህች አስገቡለት። ጣሳው ላይ ያለው ካፌይን ጉልበት አይሰጥም። ስትደክም አንጎልህ ውስጥ «እረፍ» የሚል መልእክት የሚያደርስ ነገር ይከማቻል፣ አዴኖሲን ይባላል። ካፌይን የሱን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝና መልእክቱ እንዳይደርስህ ያደርጋል። ድካሙ አለ፣ ርሀቡም አለ፣ አንተ ግን አትሰማውም። ልብህም ቶሎ ቶሎ ይመታል። ለዚህ ማስረጃ ከፈለግክ «ስኳር አልባ» የሚለውን ጣሳ ገልብጠህ አንብብ፣ ካሎሪው ዜሮ አካባቢ ነው። ስሙ ግን ያው ኢነርጂ ነው። ቫይታሚን ቢ አለው የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ቫይታሚኑ ሰውነትህ ምግብን ወደ ጉልበት እንዲቀይር ያግዘዋል እንጂ ራሱ ጉልበት አይደለም። ክብሪት ይዘህ ማገዶ የሌለህ ሰው ነህ ማለት ነው።

አሁን ወዳንተ እንምጣ፣ ምክንያቱም ያንተ ነገር ከዚያ ልጅ ትንሽ ይከብዳል። እሱ ቁርሱ ደጁ ላይ ነበር፣ አሳፍሮት ነው። አንተ ሁለተኛ ደረጃ ስለሆንክ ምገባው የለህም፣ 12 ሰዓት ላይ ደግሞ ምግብ አያሰኝህም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ምግብ የማያሰኝህ ሁልጊዜ ነው ወይስ ማታም የጠጣህ ቀን በማግስቱ ይብሳል? ማታ 2 ሰዓት ላይ ከጠጣህ፣ 7 ሰዓት ሌሊት ላይ ግማሽ የሚሆነው ካፌይን ገና ሰውነትህ ውስጥ ነው። ብትተኛም እንቅልፍህ ስስ ነው። 11 ሰዓት ላይ ስትነሳ ደግሞ ያልጠገበ እንቅልፍ ምግብ አያስበላም። ያን ድካም ለማባረር ጠዋት ትደግማለህ። እንግዲህ የማታው ጣሳ የጠዋቱን እየጠራው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ክብደትህን ነው። በአውሮፓ የምግብ ደህንነት ጉዳይ የሚያየው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ለልጆችና ለወጣቶች በቀን በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ካፌይን አያሰጋም ብሏል። ጣሳህ ላይ ካፌይኑን ፈልግ፣ ብዙውን ጊዜ በ100 ሚሊ ሊትር 32 ሚሊ ግራም ነው፣ ስለዚህ 250 ሚሊ ሊትሩ 80 ይሆናል። 50 ኪሎ ከሆንክ ልክህ 150 ነው፤ የፈተና ሰሞን በሁለት ጣሳ 160 አለፍክ፣ ሻይና ኮካው ሳይቆጠር። ትልቁን 500 ሚሊ ሊትር የምትገዛ ከሆነማ አንዱ ብቻውን 160 ነው። የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ጭራሽ ለልጆችና ለወጣቶች ቦታ የለውም ነው የሚለው። ጓደኞችህ ምንም አይሆኑም ላልከው፣ ካፌይንን ሁሉም ሰውነት እኩል አያወጣውም፣ ደግሞ ቤታቸው ቁርስ በልተው መጥተው ሊሆን ይችላል። ጠይቀሃቸዋል?

ዛሬ ጣለው አልልህም። በየቀኑ የለመደ ሰው ባንዴ ሲያቆም ራስ ምታት ይይዘዋል፣ ይነጫነጫል፣ ከዚያ «ለካ ያለሱ አልችልም» ብሎ ይመለሳል። መጀመሪያ የማታውን አቁም፣ እሱ ላይ አትደራደር። የጠዋቱን ለሳምንት ያህል ግማሽ አድርገው፣ ያውም ቁርስ ከበላህ በኋላ። በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ሊሰለችህ ይችላል። ራስ ምታቱ ቢመጣም አብዛኛው ሰው ላይ ከሳምንት አያልፍም፣ ውሃ ጠጣ፣ ቶሎ ተኛ።

ቁርሱ ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚበላ መሆን አለበት። ለዚህ በሶን የሚያህል የለም፣ ድሮም የመንገደኛ ስንቅ ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰድ። መጀመሪያ ውሃውን አንድ ብርጭቆ ያህል ጨምር፣ ከዚያ አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ቁንጥር ጨው፣ ካለ ማር ካለዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር። ዱቄቱን ካስቀደምክ ታች ይጋገርና ስትጠጣ ጉሮሮህን ይይዝሃል፣ ብዙ ሰው በሶን የሚጠላው በዚህ ነው። ክደነውና ደህና አድርገህ ናጠው። ወዲያው ጠጣው፣ ለቀትር አታስቀምጠው፣ ሙቀት ላይ ይኮመጥጣል። ፈሳሹም ካላሰኘህ ጭብጦ አድርገው፤ በሶውን በትንሽ ውሃ፣ በዘይትና በጨው አሽተህ የጡጫ ግማሽ የምታህል ድብልብል ሥራ፣ ማታ ተሠርቶ ጠዋት ኪስህ ይገባል። 12 ሰዓት ላይ አንዷን ጉረስ፣ ትምህርት ቤት ስትደርስ ሁለተኛዋን። ምግብ የማያሰኘው ሆድ አንዴ ሙሉ ሳህን ሲሰጡት ነው የሚያምፀው፣ ሁለት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ግን ይቀበላል። አብሮ የተቀቀለ እንቁላል ወይም አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ብታገኝ ደግሞ እሱ ነው ፍልጡ፣ እስከ ምሳ ይይዝሃል። ያው ጾም ሲሆን እንቁላሉን ተወው፣ ሽምብራው ይበቃል።

እናትህን በተመለከተ፣ ንገራት። ግን «ስትሰጪኝ የነበረውን ብር ኢነርጂ እየጠጣሁበት ነበር» ብለህ ብቻ አትጀምር፣ ያን ብር ከየት እንደምታመጣው አንተ ታውቃለህ፣ ያስከፋታል። መፍትሔውን ይዘህ ግባ። እሁድ ቡና ስታፈላ ቁጭ በልና «እማ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ቁርስ ሳልበላ ኢነርጂ እየጠጣሁ ነበር፣ በሶ ብታስፈጪልኝ ጠዋት ይዤ ልውጣ» በላት። ትቆጣ ይሆናል፣ ምናልባት ከመቆጣቷ በፊት ትደነግጣለች። ቤት ውስጥ ገብስ መግዛት የሚከብድ ነገር ካለም ያኔ ይወጣል፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ያንን ማወቅ አልችልምና ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል። ሌላም ነገር አለ፤ ልብህ ሲመታ ደረትህን ካመመህ፣ ወይም ራስህን ስተህ ከወደቅክ፣ ወይም ኢነርጂውን ካቆምክ በኋላም ድው ድው ማለቱ ካልቀረ፣ በሶ አይደለም መድኃኒቱ፤ ጤና ጣቢያ ሂድና ምን፣ ስንት፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትጠጣ ሳትደብቅ ንገራቸው። ለእናትህ መናገር ያለብህ አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው፣ ብቻህን ሆነህ እንዳትወድቅ።

ያ ልጅ በማግስቱ አልተሰለፈም። አልዋሽህም። ወጥ ቤቱን በጓሮ በኩል ዞሮ ገባ፣ ማዘርም ሳይጠይቁት ሰጡት፣ ለሳምንታት እንዲህ ሆነ። በኋላ ሰልፉ ውስጥ አየሁት፣ ከፊት ያሉትን ትንንሾች «ግፊያ አቁሙ» እያለ። ማዘር ያን ጣሳ አፉን ቆርጠው ጨው ውስጥ ከተውት ነበር፣ መለኪያ አድርገው፣ ለትልቁ ድስት ግማሽ ጣሳ።

አንተ እሁድ ለእናትህ ንገራትና ሰኞ በሶህን ይዘህ ውጣ፣ ከዚያ አራተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ እጅህን ዴስኩ ላይ ዘርግተህ እየው። ምን እንዳየህ ጻፍልኝ።